የሩዝ መፈልፈያ ለማስፋት፦ እቁብ፣ አነስተኛ ብድር ወይስ የወንድም ገንዘብ?

ወረታ ላይ የዓመቱ የሩዝ ንግድ የሚወሰነው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከኅዳር መግቢያ ጀምሮ ከቁሐር ሚካኤልና ከሌሎቹ የፎገራ ቀበሌዎች ቅርፊቱ ያልተነሳ ሩዝ በአህያና በጋሪ እየተጫነ ወደ መፈልፈያ ቤቶች ይገባል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ የልጅ ሰርግ አለበት። ስለዚህ ያመረተውን ወዲያው ይሸጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥም ዋጋው ይወርዳል። በዚያ ሰሞን በእጁ ጥሬ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ሩዙን ገዝቶ፣ አስፈልፍሎ፣ እስከ ክረምት መግቢያ ቆይቶ ይሸጣል። ገንዘቡ በጥር የሚደርሰው ነጋዴ ግን ጎረቤቱ ያተረፈውን ከዳር ሆኖ ያያል።

ይህ ወረዳ ሩዝን ያወቀው በቅርብ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሞክረውት የቀጠለ ሰብል ነው፤ እስከ ዛሬ በብዛት የሚዘራው ዝርያም «ኤክስ ጅግና» የሚለውን ስም ከዚያው ቦታ ወስዷል። በጣና ዳር፣ ርብና ጉማራ ሞልተው በሚተኙበት ሜዳ ሌላው ሰብል በውኃ ሲበላሽ ሩዙ ቆሞ ስለሚያሳልፍ ተስፋፋ። ከሰብሉ ጋርም መፈልፈያው፣ ማከማቻው፣ ደላላውና ጫኙ ተፈጠረ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ብዙ ሙስሊም ነጋዴዎች አሉ። የነሱ ጥያቄ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ከሪባ ንጹሕ መሆኑም ያሳስባቸዋል።

ጥያቄው አሁን የከበደበት ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ገደቡ ኋላ ላይ ላላ ቢልም፣ ባንክ የሚያበድረው ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቀረው ትንሹ ደንበኛ ነው። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚገባ ማሽንና መለዋወጫ ዋጋው ተሰቀለ። በክልሉ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የቀጠለው ግጭት መንገዱን ዘጋ፣ ለወራት ኢንተርኔቱን አቋረጠ፣ ነጋዴው ከባሕር ዳርና ከጎንደር ጋር ያለውን ግንኙነት አናጋ። በዚህ መሃል አንድ መፈልፈያ ቤት ሥራውን ላስፋ ሲል ከፊቱ የሚያገኘው ሦስት በር ነው፦ እቁብ፣ የአነስተኛ ብድር ተቋምና ዘመድ።

ነገሩን በአንድ ሰው ሒሳብ እንመልከት። ሰውየው የተወሰነ ሰው አይደለም፣ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ ናቸው። አንድ አሮጌ የብረት መፈልፈያ አለው፤ ማሽኑ ሩዙን ይሰባብራል። የተሰባበረ ሩዝ ደግሞ ከሙሉው በረከሰ ዋጋ ስለሚሸጥ፣ በጎማ ጥቅልል የሚፈለፍልና ፍሬውን ሳይሰብር የሚያወጣ ማሽን መጨመር ይፈልጋል። ማሽኑ 300,000 ብር ነው እንበል። በኅዳር ሩዝ ለመግዛት ደግሞ 200,000 ብር ያስፈልገዋል። በእጁ ያለው 200,000 ነው። የጎደለው 300,000 ብር ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የቱ ይረክሳል?» ብሎ ይጀምራል። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ማሽኑና የሩዝ መግዣው ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይፈልጋሉ። የሩዝ መግዣው በኅዳር ወጥቶ በሰኔ የሚመለስ ነው። ማሽኑ ግን ወጪውን የሚመልሰው በሁለትና በሦስት ዓመት ነው፤ ያውም ከኅዳር እስከ የካቲት ሠርቶ በክረምት ሥራ ፈትቶ። ሁለቱን በአንድ ምንጭ የሞላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው ገንዘቡ ስለተወደደበት ሳይሆን፣ ክፍያው የሚጠየቅበት ወር ገቢው ከሚገባበት ወር ጋር ስላልገጠመለት ነው።

እቁቡ

ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 5,000 ብር የሚጥሉበት እቁብ እንውሰድ። በየሳምንቱ 100,000 ብር ይሰበሰባል፤ እቁቡ በሃያ ሳምንት ያልቃል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ እጣ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ወለድ የለበትም።

ወለድ የለበትም ማለት ግን ለሁሉም እኩል ነው ማለት አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት የደረሰው ሰው እስከዚያ የጣለው 15,000 ብር ነው፤ 100,000 ሲወስድ በተግባር 85,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በአሥራ ሰባት ሳምንት ይመልሳል። በአሥራ ስምንተኛው ሳምንት የደረሰው ደግሞ 90,000 ብር ጥሎ 100,000 ይቀበላል፤ እሱ ለአራት ወር ሲያበድር የቆየ ሰው ነው። የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ የመጀመሪያው ይጠቀማል፣ የኋለኛው ይጎዳል። ይህ የዕድል ጉዳይ ስለሆነ ማንም አይቀየምም፤ የእቁብ ውበቱም እዚህ ላይ ነው።

ለሩዝ ነጋዴው ግን ዕድል በቂ አይደለም። እቁቡ መስከረም አንድ ላይ ተጀመረ እንበል። ሰውየው እስከ ኅዳር አጋማሽ ገንዘቡን ማግኘት አለበት፤ እስከዚያ የሚወጡት እጣዎች አሥራ አንድ ናቸው። ከሃያ አሥራ አንድ ማለት ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ዕድል ነው። መስከረም ላይ ቢደርሰው ደግሞ ገበያው ገና ስለሆነ ገንዘቡ ሁለት ወር በእጁ ይቀመጣል፤ በእነዚያ ሁለት ወራት የልጆች መማሪያ ይወጣበታል፣ የታመመ ዘመድ ይታከምበታል፣ ዕቃ ይገዛበታል። ኅዳር ሲገባ 100,000 የነበረው 60,000 ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የተለመደው እጣ መግዛት ነው። በስድስተኛው ሳምንት የደረሰው ሰው እጣውን ይሸጣል፤ ገዢው 92,000 ብር ተቀብሎ 8,000ውን ለሻጩ ይተዋል፣ ሻጩም በአሥራ አምስተኛው ሳምንት የገዢውን ሙሉ 100,000 ይወስዳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ስናሰላው ግን ገዢው 92,000 ብር ለዘጠኝ ሳምንት ቀድሞ ለማግኘት 8,000 ብር ከፍሏል፤ ይህ ለዘጠኝ ሳምንት ወደ 8.7 በመቶ፣ በዓመት ሲሰላ ወደ 50 በመቶ ነው። የትኛውም አነስተኛ ብድር ይህን ያህል ቢያስከፍል ነጋዴው ጥሎ ይወጣ ነበር። እቁብ ስለሆነ ግን ዓይን ውስጥ አይገባም።

ሸሪዓውም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዑለማእ ስለ እቁብ ዓይነቱ መዋጮ በሰፊው ተነጋግረዋል፤ የሳዑዲ ዓረቢያ የታላላቅ ዑለማእ ምክር ቤት በ1410 ሂጅራ በአብላጫ ድምፅ እንደሚፈቀድ ወስኗል፤ የተቃወሙም ነበሩ። የተፈቀደው ግን ሁሉም የጣለውን ያህል የሚወስድበት፣ አንዱ ለሌላው ያለ ጭማሪ የሚያበድርበት ነው። ተራን በገንዘብ መሸጥ ገንዘብን በሚበልጥ ገንዘብ በጊዜ ልዩነት መለወጥ ስለሆነ፣ በዚያ ፈቃድ ጥላ ሥር ሊገባ አይችልም። ተራን ያለ ክፍያ በስምምነት መቀያየር ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በወረታ ላለ ነጋዴ የሚሻለው እቁቡ ሲመሠረት፣ ገና እጣ ሳይወጣ፣ «የእኔ ተራ ከኅዳር አንድ እስከ አሥራ አምስት ባለው ይሁንልኝ» ብሎ ከአባላቱ ጋር መስማማት ነው። ጨርቅ ሻጩ ገንዘቡን ለዒድ ወይም ለገና ይፈልገዋል፤ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ክረምቱ ሲወጣ ይፈልገዋል፤ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማው ለዘርና ለነዳጅ በበጋው መግቢያ ይፈልገዋል። የተለያየ ሥራ ያላቸው ሰዎች የተቀላቀሉበት እቁብ ይህን ማድረግ ይችላል። ሃያውም የሩዝ ነጋዴ የሆኑበት እቁብ ግን አይችልም፤ ሁሉም በኅዳር ይፈልጋሉ፣ ሁሉም በክረምት ይቸገራሉ።

የእቁብ መፍረስ ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። እጣ የደረሰው ሰው መጣያውን ሁለት ሳምንት ካሳለፈና ዳኛው «ይከፍላል» ብሎ ከሸፈነው፣ ያልደረሳቸው አባላት መዝገቡን ማየት አለባቸው። በግጭቱ ጊዜ አባል ከከተማው ተፈናቅሎ ወይም መንገድ ተዘግቶበት መጣያው የተቋረጠባቸው እቁቦች ችግር የገጠማቸው፣ ዋስ የሆነው ሰው ራሱ እዚያው እቁብ ውስጥ ያልደረሰው አባል ሲሆን ነው፤ ያኔ ዋሱ ከኪሱ ሳይሆን ከራሱ እጣ ነው የሚከፍለው። ዋስ ከውጭ ይሁን። በጽሑፍም ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የዋስትና ውል ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚዋስ ካልተጻፈበት ዋጋ የለውም። ብዙ የእቁብ መዝገብ ላይ «ዋስ ሆኛለሁ» የሚል ፊርማ እንጂ መጠኑ አይታይም።

ብድሩ

በአማራ ክልል አነስተኛ ብድር ሲባል ለብዙዎች የሚመጣው ስም አብቁተ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ፈቃድ አግኝቶ በገጠር ቀበሌዎች ድረስ የገባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ፀደይ ባንክነት ተሸጋግሯል። መያዣ የሌለው ሰው በቡድን ተደራጅቶ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ የሚበደርበት አሠራር በክልሉ የተለመደው በእንዲህ ዓይነት ተቋማት ነው።

ሙስሊሙ ነጋዴ ከዚህ በር ሲርቅ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ወለድ ነው። ሥራን ለማስፋት መፈለግ ክልክሉን የሚያነሳ ደሩራ አይደለም የሚለውም የብዙኃኑ ዑለማእ አቋም ነው። ይህን ለጊዜው እናቆየውና፣ የብድሩን ሒሳብ ብቻ እንይ፤ ምክንያቱም ወለድ አልፈልግም የሚለውም ሰው የሚተወውን ነገር ዋጋ ማወቅ አለበት።

120,000 ብር ለአሥራ ሁለት ወር በ18 በመቶ ተበደረ እንበል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመነሻው ብድር ላይ የሚሰላ ከሆነ 21,600 ብር ይከፍላል፤ በወር 11,800 ብር ማለት ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ እየቀነሰ የሚሰላ ከሆነና በየወሩ 10,000 ከዋናው ከመለሰ ግን ጠቅላላ ወለዱ 11,700 ብር ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ «18 በመቶ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ ልዩነቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። በዚህ ላይ ተቋሙ አሥር በመቶ የግዴታ ቁጠባ ቢይዝ፣ ሰውየው በእጁ የሚያገኘው 108,000 ሆኖ ወለድ የሚከፍለው ግን በ120,000 ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት መቶኛው ሳይሆን «ዛሬ ስንት በእጄ ይገባል፣ በየወሩ ስንት እከፍላለሁ፣ ስንት ወር?» የሚለው ነው።

ከወለዱ ይልቅ የፎገራን ነጋዴ የሚጥለው ግን ወርሃዊ ክፍያው ነው። ማሽኑ በሐምሌና በነሐሴ አይዞርም። 11,800 ብሩ ግን በሐምሌም በነሐሴም ይጠየቃል። ያኔ ሰውየው ወይ ያከማቸውን ሩዝ ዋጋው ሳይደርስ ይሸጣል፣ ወይ ከሌላ ተበድሮ ይከፍላል። ሁለተኛው ከጀመረ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ከወለድ ነጻ የሆነው መንገድ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ዛሬ ሰፍቷል። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክ ተከተለ፤ መደበኛ ባንኮችም ከወለድ ነጻ መስኮት ከፍተዋል። ለማሽኑ የሚስማማው ውል ሙራበሓ ነው። ባንኩ ማሽኑን በ300,000 ይገዛል፣ ትርፉን ገልጾ ለምሳሌ በ345,000 በአሥራ ስምንት ወር ክፍያ ይሸጣል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ገዢው ቢዘገይም አይጨምርም። ግን አንድ ነገር መታየት አለበት፦ ባንኩ ማሽኑን በእርግጥ ገዝቶ በእጁ ካስገባ በኋላ ነው የሚሸጠው፤ ለነጋዴው ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ «ሂድ ግዛ፣ 345,000 ትመልሳለህ» ካለ ስሙ ብቻ ሙራበሓ የሆነ ብድር ነው።

ሙራበሓ ለሩዝ መግዣው ግን ብዙም አይመችም። ባንኩ ራሱ ገዢ መሆን ስላለበት፣ ከሃምሳ ገበሬ በየቀኑ አንድ ሁለት ኩንታል ያለ ደረሰኝ የሚገዛን ነጋዴ ተከትሎ ሊገዛለት አይችልም። መያዣውም ጥያቄ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንን፣ ከብትንና የተከማቸ ምርትን ሳይቀር በመያዣነት ለማስመዝገብ በር ከፍቷል። ነጋዴው ወደ ቅርንጫፉ ሲሄድ «ቤት የለኝም» ብሎ ከመመለስ፣ የሚገዛው ማሽን ራሱ በዚህ አዋጅ መሠረት መያዣ ይሆን እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። የክፍያው ሰሌዳም ከኅዳር እስከ የካቲት ከፍ፣ በክረምት ዝቅ እንዲል ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ከተፈረመ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው።

የዘመድ ገንዘብ

ሦስተኛው በር ከሁሉም የቀለለ ይመስላል። በሪያድ የሚሠራ ወንድም አለ፤ ይደወልለታል፤ ገንዘቡ ይመጣል። ቀርዱል ሐሰን ነው፣ ወለድ የለም፣ መያዣ የለም፣ ቀነ ገደብም የለም። ችግሩ ያለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው፤ ሌላ ትልቅ ችግር ደግሞ ከ2016 ወዲህ ተጨምሯል።

ወንድም ከምንዛሬ ለውጡ በፊት 10,000 ሪያል ላከ እንበል። በባንክ ዋጋ አንድ ሪያል ከ15 ብር ብዙ አይበልጥም ነበር፤ ወደ 153,000 ብር ሆኖ ደረሰ። ምንዛሬው ከተለወጠ ከወራት በኋላ ሪያሉ ከ30 ብር በላይ ሆነ። አሁን ዕዳው ስንት ነው? ወንድም «የላክሁት 10,000 ሪያል ነው» ይላል፤ ያ ከ300,000 ብር በላይ ነው። ተበዳሪው «የተቀበልሁት 153,000 ብር ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። እናት መሃል ትገባለች፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ በዒድ የሚጠያየቁ ቤቶች መጠያየቅ ያቆማሉ።

ፊቅሁ ለዚህ መልስ አለው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ፣ በአንድ ገንዘብ የተበደረ ዕዳ የሚከፈለው በዚያው ገንዘብ በቁጥሩ እንጂ በዋጋው ከፍታና ዝቅታ ተሰልቶ እንዳልሆነ ወስኗል። ብር የተበደረ ብር ይመልሳል፤ ብሩ ቢረክስ አበዳሪው ይጎዳል። ሪያል የተበደረ ሪያል ይመልሳል፤ ሪያሉ ቢወደድ ተበዳሪው ይጎዳል። ሪያል የተበደረው በብር ልክፈል ካለም የሚሰላው በሚከፍልበት ቀን ምንዛሬ ነው። ስለዚህ የጠቡ ቁልፍ አንድ ቃል ነው፦ የተበደርነው ሪያል ነው ወይስ ብር? ይህ ቃል ገንዘቡ ሲላክ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ በሽማግሌ ሊገኝ አይችልም።

መጻፉ የሸሪዓ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱም ሕግ ጉዳይ ነው። ዕዳ እንዲጻፍ የሚያዝዘው የሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ ማመን ወይም መሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም። 500 ብር ዛሬ የምን ያህል ሩዝ ዋጋ እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሕጉ ከወጣበት ከ1952 ጀምሮ ግን ቁጥሩ አልተለወጠም። የመመለሻ ቀን ካልተወሰነም ሕጉ አበዳሪው በጠየቀ በአንድ ወር ውስጥ ይመለስ ይላል። ወንድም በግንቦት «አስቸኳይ ነው» ብሎ ከደወለ፣ ማከማቻ ውስጥ ያለው ሩዝ በወሩ መሸጥ አለበት ማለት ነው።

በዘመድ ገንዘብ ላይ ሌላ የተለመደ መደባለቅ አለ። ወንድም ገንዘቡን ያለ ትርፍ አይልክም፤ ተበዳሪውም ሐፍረት ይይዘውና «በወር 3,000 ብር እልክልሃለሁ» ይላል። ዋናው ገንዘብ የተጠበቀ ሆኖ በየወሩ የተቆረጠ ብር የሚከፈልበት ይህ ነገር ስሙ የቤተሰብ ቢሆንም ወለድ ነው። መውጫው ከብድር ወደ ሽርክና መሻገር ነው፤ ያኔ ግን ወንድም በትርፉ ብቻ ሳይሆን በኪሳራውም ይገባል። ብዙ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ፣ ገንዘቡ ሽርክና አልነበረም ማለት ነው፤ ይህን ከመነሻው ማወቅ ይሻላል።

ሒሳቡ ሲገጣጠም

ወደ ሰውዬአችን እንመለስ። የጎደለው 300,000 ብር ነው፤ ማሽኑ ረጅም ገንዘብ፣ ሩዙ አጭር ገንዘብ ይፈልጋል። በእኔ ግምት ማሽኑን በእቁብ መግዛት ስሕተት ነው፤ የሃያ ሳምንት መጣያ የሦስት ዓመት ዕቃ አይሸከምም። ሩዙን በዘመድ ብድር መግዛትም የመመለሻ ቀኑ ከሰኔ በፊት የማይመጣ ካልሆነ አደጋ አለው።

ለማሽኑ ወንድሙ 200,000፣ እሱ 100,000 ብር ያዋጡ። ገንዘቡ ብድር ሳይሆን የማሽኑ ሁለት ሦስተኛ ባለቤትነት ይሁን። የመፈልፈያው ገቢ ከመብራት፣ ከሠራተኛና ከጥገና በኋላ የተረፈው እኩል ይከፈል፤ በዋጋው የወንድም ድርሻ ቢበልጥም ቆሞ የሚያሠራው እሱ ስለሆነ የትርፉን መከፋፈያ በስምምነት ማስተካከል ይፈቀዳል። ኪሳራው ግን በመዋጮው ልክ ሁለት ሦስተኛና አንድ ሦስተኛ ነው፤ ይህን በስምምነት መቀየር አይቻልም። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ወቅቱ ሲያልቅ፣ ከወንድሙ ድርሻ የቻለውን ያህል በዚያን ቀን ገበያ ዋጋ ይግዛው። ወንድም ፈቃደኛ ካልሆነ ሙራበሓው አለ፤ 45,000 ብሩ የሽያጭ ትርፍ ስለሆነ ከዓመት ዓመት አይባዛም።

ለሩዙ መግዣ የቀረው የራሱ 100,000 ብርና የእቁቡ 100,000 ብር ነው። እቁቡን ከመግባቱ በፊት ግን አንድ ፈተና አለ፦ በሐምሌ ባለው ገቢ በሳምንት 5,000 መጣል ይችላል ወይ? በገበያው ሳምንት ሁሉም ይችላል። በሐምሌ 2,500 ብቻ የሚችል ከሆነ ግማሽ እጣ ይግባ፤ የቀረውን 50,000 ብር ሩዝ በኅዳር አይግዛ። የእቁቡ መጣያ በጥር አጋማሽ ስለሚያልቅና የተከማቸው ሩዝ እስከ ሰኔ ስለማይሸጥ፣ በታኅሣሥና በጥር የሚጣለው ገንዘብ የሚወጣው ከመፈልፈያው የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ደግነቱ መፈልፈያው በብዛት የሚሠራው በእነዚያው ወራት ነው።

በወንድም ውል ላይ የሚጻፉት ነገሮች አራት ናቸው፦ ገንዘቡ ድርሻ እንጂ ብድር አለመሆኑ፣ መዋጮው በብር ይሁን በሪያል፣ የትርፉ መከፋፈያ በስንት እጅ እንደሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ድርሻው በወራሾቹ ፈቃድ እንደሚቀጥል ወይም እንደሚሸጥ። ሁለት ምስክር ይፈርሙበት፣ አንዱ ቅጂ ሪያድ ይሂድ፣ አንዱ ወረታ ይቀመጥ።